ትራክተርና ባጃጅ የለመደ እጅ በፊጉራ ሜዳ፦ የመጀመሪያ መንጃ ፈቃድ በመተማና በገላባት

በምዕራብ ጎንደር ዞን የምትገኘው መተማ ዮሐንስና በሱዳን ገዳሪፍ ግዛት ሥር ያለችው ገላባት በአንዲት ወራጅ ውሃና በአንድ አጭር ድልድይ ብቻ ተለያይተው ፊት ለፊት የሚተያዩ ከተሞች ሲሆኑ፣ ከሁለቱም ወገን የሚዘረጋው ሜዳ ሰሊጥ፣ ማሽላና ጥጥ በስፋት የሚመረትበት፣ ሥራውም በአብዛኛው በትራክተር የሚከናወንበት ምድር ነው። በገዳሪፍ በኩል በትራክተር ማረስ የተጀመረው የእንግሊዝ አስተዳደር በጋዳምባሊያ አካባቢ የሜካናይዝድ እርሻ ሥራ ባስጀመረበት ጊዜ፣ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር በ1940ዎቹ አጋማሽ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ባሉት አሥርተ ዓመታት ከመተማ፣ ከቋራና ከአርማጭሆ እየተሻገሩ በእርሻ ቦታዎቹ ላይ የሠሩ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች ከሞተር ጋር የተዋወቁት ፈቃድ ከሚጠይቅ መሥሪያ ቤት ፊት ከመቅረባቸው አስቀድሞ ነው። በዚህ አካባቢ የመጀመሪያ መንጃ ፈቃድ የማውጣት ጉዳይ መልኩ የሚለየውም ስለዚህ ነው፤ አመልካቹ አብዛኛውን ጊዜ መንዳት የማያውቅ ሰው ሳይሆን በትራክተር፣ በባጃጅ ወይም በሞተር ሳይክል ላይ የራሱን ልማድ ያበጀ ሰው በመሆኑ፣ ሥልጠናው አዲስ ነገር የማስተማሩን ያህል የተለመደውን የማስረሳት ሥራ ይጠብቀዋል።

በኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ በሕግ ቋንቋ «የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ» ይባላል። ጉዳዩን ለረጅም ጊዜ ሲገዛ ከነበረው አሠራር ተላቆ ሥልጠናን የፈቃዱ ቅድመ ሁኔታ ያደረገው በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 600 ሲሆን፣ እርሱም በ2010 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1074 ተተክቷል። የለውጡ ፍሬ ነገር ባጭሩ ሲቀመጥ፣ ቀድሞ አንድ ሰው መንዳትን ከየትም ይማር ከየት ለፈተና ቀርቦ ካለፈ ይበቃው የነበረ ሲሆን፣ አሁን ግን ፈቃድ ባለው ማሠልጠኛ ተቋም ተመዝግቦ የንድፈ ሐሳብና የተግባር ሥልጠና ማጠናቀቅ ይኖርበታል ማለት ነው። በጭነት መኪና ረዳትነት ተጀምሮ፣ ጎማ በመፍታትና ዕቃ በማሰር ዓመታት ተቆጥረው፣ ሹፌሩ በደከመው ጊዜ ጭር ባለ መንገድ ላይ መሪ በማስጨበጥ የሚፈጸመው የቆየ የሙያ ውርስ በዚህ ሕግ ፊት ዋጋ የለውም፤ ረዳቱ አይሱዙን ከጎንደር እስከ መተማ በጨለማ የነዳ ቢሆን እንኳ በተቋሙ መዝገብ ላይ እንደ ማንኛውም ጀማሪ ከመጀመሪያው ትምህርት ይነሳል። ይህ ለብዙዎች እንደ በደል የሚታይ ቢሆንም፣ ከረዳትነት የተገኘው ችሎታ ፈተናው የሚመረምረው ችሎታ ባለመሆኑ ሕጉ ያለ ምክንያት አልጨከነም።

ከምዝገባ በፊት የሚነሳው የመጀመሪያ ጥያቄ የትኛው ዘርፍ የሚለው ነው። ፈቃዱ አንድ ወጥ ሰነድ ሳይሆን በተሽከርካሪው ዓይነት የተከፋፈለ ነው፤ ሞተር ሳይክል፣ ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪ ማለትም ባጃጅ፣ አውቶሞቢል፣ ታክሲ፣ የሕዝብ ማመላለሻ፣ ደረቅ ጭነት፣ ፈሳሽ ጭነትና ልዩ ተንቀሳቃሽ መሣሪያ እየተባለ ይዘረዘራል፤ የእርሻ ትራክተርም በመጨረሻው ዘርፍ ይመደባል። ለመጀመሪያ ጊዜ ፈቃድ የሚያወጣ ሰው የሚጀምረው ከዝቅተኛዎቹ ዘርፎች ሲሆን ዝቅተኛው ዕድሜ 18 ዓመት ነው፤ ሰው የሚያጓጉዙትና ከባድ ጭነት የሚሸከሙት ዘርፎች ከፍ ያለ ዕድሜና የቀደመ የማሽከርከር ልምድ ይጠይቃሉ። በጠረፍ ከተሞች ዘወትር የሚያጋጥመው ስሕተት አንዱ ፈቃድ ሌላውን ሁሉ ይሸፍናል ብሎ ማሰብ ነው። የባጃጅ ፈቃድ የያዘ ሰው የዘመድ ፒክአፕ ሲነዳ ቢያዝ፣ በሕግ ዓይን በዚያ ዘርፍ ፈቃድ ከሌለው ሰው ተለይቶ አይታይም፤ አደጋ ቢደርስ ደግሞ የኢንሹራንስ ኩባንያው መጀመሪያ የሚመለከተው ሹፌሩ የያዘው ዘርፍ ከተሽከርካሪው ጋር መጣጣሙን ስለሆነ፣ ዘርፉን በጥንቃቄ መምረጥ ከትራፊክ ቅጣት የዘለለ ትርጉም አለው።

ለምዝገባ የሚያስፈልጉት ሰነዶች በወረቀት ላይ ሲነበቡ ቀላል ናቸው፦ የነዋሪነት መታወቂያ ወይም ፋይዳ፣ የትምህርት ደረጃን የሚያሳይ ማስረጃ፣ ጉርድ ፎቶግራፍና የሕክምና ምርመራ ውጤት። ከጎንደር ወይም ከባሕር ዳር ለሚነሳ አመልካች ይህ የአንድ ሳምንት ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ገዳሪፍ ተወልዶ ወይም በልጅነቱ ተሻግሮ እዚያው ለተማረ፣ በተለይም በሱዳን ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. የተነሳው ጦርነት አፈናቅሎት በመተማ በኩል ለተመለሰ ሰው ግን ዋናው እንቅፋት ያለው እዚህ ላይ ነው። መታወቂያ የሚሰጠው ቀበሌ ነዋሪነቱን የሚያውቅለት ሰው ይፈልጋል፤ የትምህርት ማስረጃው በዓረብኛ የተጻፈ በመሆኑ ተተርጉሞና ተረጋግጦ መቅረብ ይኖርበታል፤ በሽሽት ላይ ወረቀቱ የጠፋበት ሰው ደግሞ መሪ ከመጨበጡ በፊት ማንነቱን እንደ አዲስ ማስመዝገብ ግድ ይለዋል። እንዲህ ያለው አመልካች ወደ ማሠልጠኛ ተቋም ከመሄዱና ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት መታወቂያውንና የትምህርት ማስረጃውን ቢያስተካክል ይሻለዋል፤ ሥልጠናውን ጨርሶ በሰነድ ጉድለት ፈተና ላይ ሳይቀርብ የሚቀር ሰው ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን እጁ ላይ የገባውን ልምምድም ጭምር ያጣልና።

የሕክምና ምርመራው በተለይ ዓይንንና ጆሮን የሚመለከት ነው። መነጽር ማድረግ ፈቃድ አያስከለክልም፤ መነጽር ሳያደርጉ መንዳት ግን የፈቃዱን ሁኔታ መጣስ ይሆናል። በፀሐይና በአቧራ ውስጥ ዓመታትን ያሳለፉ የእርሻ ሠራተኞች የዓይናቸው ችግር ለመጀመሪያ ጊዜ የሚታወቀው በዚሁ ምርመራ ላይ ሊሆን ስለሚችል፣ የጤና ተቋሙን ማኅተም በማውቀው ሰው አስመታለሁ የሚለው አቋራጭ ለማንም ሳይሆን ለራሱ ለአመልካቹ አደገኛ ነው።

በሌሎች አገሮች «የለማጅ ፈቃድ» የሚባለው፣ ማለትም አንድ ሰው ፈተና ሳያልፍ በቁጥጥር ሥር እንዲለማመድ የሚፈቅደው ወረቀት፣ በብዙ ቦታ ለግለሰቡ ተሰጥቶ በአባቱ ወይም በወዳጁ መኪና እንዲለማመድ ያስችለዋል። በኢትዮጵያ አሠራር ግን ልምምዱ ከተቋሙ ጋር የተቆራኘ ነው፤ ሠልጣኙ መንገድ ላይ መውጣት የሚችለው «ለማጅ» የሚል ምልክት በተለጠፈበትና ከአሠልጣኙ እግር ሥር ተጨማሪ ፍሬን በተገጠመለት የተቋሙ ተሽከርካሪ፣ አሠልጣኙ በጋቢና አጠገቡ ተቀምጦ ሲሆን ነው። ስለዚህ ተመዝግቤአለሁና በጎረቤት መኪና እስከ ገንዳ ውሃ ደርሼ ልምጣ የሚል ሠልጣኝ፣ የተመዘገበበት ደረሰኝ በኪሱ ቢኖርም፣ በመንገድ ላይ ያለ ፈቃድ እንደሚነዳ ሰው ይቆጠራል።

የንድፈ ሐሳብ ትምህርቱ የመንገድ ትራፊክ ሕግና ምልክቶችን፣ የአሽከርካሪ ሥነ ባሕርይን፣ የማሽከርከር ዘዴን፣ የተሽከርካሪ ቴክኒክን፣ እንዲሁም አደጋ ሲደርስ የሚሰጠውን የመጀመሪያ ዕርዳታ ያካትታል። ፈተናው የምርጫ ጥያቄ ሲሆን፣ የሚሰጠውም በተቋሙ ሳይሆን ፈቃድ በሚሰጠው የመንግሥት አካል፣ በአማራ ክልል ደግሞ በትራንስፖርት መዋቅር በኩል ነው፤ ያሠለጠነው ራሱ ፈታኝ እንዳይሆን መደረጉ የሥርዓቱ አንዱ ጥንካሬ ነው። የጽሑፍ ፈተናውን ያላለፈ ሰው ለተግባር ፈተና አይቀርብም።

ከጠረፍ የሚመጡ ብዙ ሠልጣኞችን የሚጥለው የሕጉ ክብደት ሳይሆን የንባብ ፍጥነት ነው። በገዳሪፍ በዓረብኛ የተማረ ወጣት አማርኛን እንደ አፍ መፍቻው እየተናገረ ፊደሉን ግን በዝግታ ሊያነብ ይችላል፤ የምርጫ ጥያቄዎቹ ደግሞ «ከሚከተሉት ውስጥ ትክክል ያልሆነው የቱ ነው» በሚል ዓይነት አነጋገር የተሞሉ በመሆናቸው አንዲት «ያል» የዘለለች ዓይን መልሱን ትገለብጠዋለች። ለዚህ የሚበጀው መጽሐፉን በቃል መሸምደድ ሳይሆን የቀደሙ ጥያቄዎችን ጮክ ብሎ ደጋግሞ ማንበብ ሲሆን፣ ምልክቶችን በተመለከተ ግን ጠረፈኛው እንዲያውም ብልጫ አለው። ስምንት ማዕዘን ያለው ቀይ ሰሌዳ በመተማ «ቁም» ተብሎ ቢጻፍበትም በገላባት በዓረብኛ «ቂፍ» ቢባልበትም ትእዛዙ አንድ ነው፤ ጫፉ ወደ ታች የተዘቀዘቀው ሦስት ማዕዘንም ቅድሚያ ስጥ ከማለት ሌላ ትርጉም የለውም፤ ምክንያቱም ቅርጾቹ ጽሑፉን ማንበብ የማይችል ወይም ጽሑፉ በአቧራ የተሸፈነበት ሹፌር ከሩቅ እንዲለያቸው ታስበው የተመረጡ ናቸው። በተፈታኙ ጭንቅላት ውስጥ መቅረት ያለበትም ይኸው የቅርጽ ሥርዓት ነው፦ ጫፉ ወደ ላይ የቆመ ሦስት ማዕዘን ያስጠነቅቃል፣ ክብ ያዝዛል ወይም ይከለክላል፣ አራት ማዕዘን ያመለክታል።

በንድፈ ሐሳቡ ውስጥ ከትራክተር የመጣ ሰው ትኩረት ሊሰጠው የሚገባው አንድ ርእስ የማቆሚያ ርቀት ነው፤ ይኸውም ሹፌሩ አደጋውን ካየበት ቅጽበት አንሥቶ ተሽከርካሪው እስኪቆም ድረስ የሚጓዘው ርቀት ሲሆን፣ ሁለት ክፍል አለው። የመጀመሪያው ዓይን አይቶ እግር ፍሬን እስኪረግጥ ያለው ነው፤ ይህ አንድ ሰከንድ ያህል ይወስዳል ቢባል፣ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በዚያች ሰከንድ ከ8 ሜትር በላይ፣ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚጓዘው ደግሞ 17 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ሁለተኛው ፍሬኑ ከያዘ በኋላ ያለው ሲሆን፣ በደረቅ አስፋልት ላይ በ30 ኪሎ ሜትር 5 ሜትር ያህል የሚሆነው በ60 ኪሎ ሜትር ወደ 20 ሜትር ያድጋል፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የፍሬኑ ርቀት አራት እጥፍ ይሆናልና። በድምሩ በመጀመሪያው ፍጥነት 13 ሜትር የበቃው ሹፌር በሁለተኛው 37 ሜትር ያስፈልገዋል ማለት ነው። በእርሻ ላይ በዝግታ የሚሄድ ትራክተር ፍሬን ሲያዝ ባለበት ስለሚቆም፣ በትራክተር የለመደ ሰው ዓይን ሁለተኛውን ርቀት አያውቀውም። የመተማና የገዳሪፍ ጥቁር የመረሬ አፈር በክረምት ከጎማ ላይ ተጣብቆ ወደ አስፋልቱ ሲወጣ ደግሞ መንገዱን እንደ ሳሙና ያደርገውና ከላይ የተጠቀሱትን ቁጥሮች ሁሉ ያረዝማቸዋል፤ ፈተናው ይህን በሒሳብ ባይጠይቅም፣ «እርጥብ መንገድ ላይ ምን ማድረግ ይገባል» የሚለው ጥያቄ መልሱ የሚወጣው ከዚሁ ነው።

ወደ ተግባሩ ሲገባ ጉዳዩ ይበልጥ ይጠራል፤ ምክንያቱም የቀድሞ ልማድ የሚደበቅበት ቦታ የለም። ባጃጅ ሲነዳ የኖረ ሰው መሪው እጀታ ነው፤ ፍሪሲዮኑን በግራ እጁ ይጨብጣል፣ ማርሹንም በዚያው እጅ እጀታውን በመጠምዘዝ ይቀይራል፣ ነዳጅ የሚሰጠው በቀኝ እጁ ነው፣ በእግሩ የሚረግጠው ፍሬን ብቻ ነው። አውቶሞቢል ውስጥ ሲቀመጥ ግን ሦስት ፔዳሎች ይጠብቁታል፤ ግራ እግር ለፍሪሲዮን፣ ቀኝ እግር ለፍሬንና ለነዳጅ መስጫ። ለዚህ ሰው ቀኝ እግር ማለት ዘወትር መቆም ነበር፤ አሁን ግን ያው እግር ሲረግጥ ሊቆምም ሊፈተለክም ይችላል። ባጃጅ ያሽከረከሩ ሠልጣኞች በመጀመሪያዎቹ ቀናት በድንጋጤ ጊዜ ነዳጅ የሚረግጡት ከዚህ የተነሳ ነው፤ ፍርሃት ሲመጣ አካል ወደ ቆየው ልማዱ ይመለሳል፣ የቆየው ልማድ ደግሞ «ቀኝ እግርህን ርገጥ» ይለዋል። ጥሩ አሠልጣኝ ይህን ስለሚያውቅ ሞተሩን ሳያስነሳ፣ ተረከዙን ፍሬኑ ፊት ለፊት ተክሎ የእግሩን ጫፍ ብቻ ወደ ነዳጅ እያዛወረ እንዲመልስ፣ ዓይኑን ወደ እግሩ ሳይጥል ደጋግሞ እንዲያደርገው ያዘዋል። ልማዱ መለወጡ የሚታወቀው ሠልጣኙ ጥያቄ እየመለሰ ሳለ አሠልጣኙ በድንገት «ፍሬን» ሲለው እግሩ ያለ ሐሳብ ትክክለኛውን ቦታ ሲያገኝ ነው።

ትራክተር የነዳ ሰው ችግር ሌላ ነው። የፔዳሉን ቦታ ያውቀዋል፤ ነገር ግን የትራክተር ሞተር በዝቅተኛ ማርሽ ከፍተኛ ጉልበት ስላለውና ነዳጁም በእጅ ዘንግ ተወጥሮ ሊቀመጥ ስለሚችል፣ ፍሪሲዮኑን በአንድ ጊዜ ቢለቀውም ሞተሩ አይጠፋም፤ መሣሪያው ነቅነቅ ብሎ ይሄዳል። በትንሽ አውቶሞቢል ላይ ያው አለቃቀቅ መኪናውን አዝልሎ ሞተሩን ያጠፋዋል። ከዚህ በተጨማሪ የትራክተር ሹፌር ከኋላ ያለውን ማረሻ ለማየት አንገቱን አዙሮ መመልከት የለመደ በመሆኑ ለስፖኪዮ ባዕድ ነው፤ ፈታኞች ደግሞ ከምንም አስቀድመው የሚያዩት ተፈታኙ ከመነሳቱ በፊት ስፖኪዮ መመልከቱንና ፍሬቻ ማሳየቱን ነው።

የሜዳ ፈተናው በሠልጣኞች ዘንድ «ፊጉራ» ይባላል፤ ይኸውም በምሰሶዎችና በመስመሮች በተከለለ ቦታ ላይ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየተጓዙ ምሰሶ ሳይነኩና መስመር ሳይረግጡ የታዘዘውን ቅርጽ መሥራት፣ ተሽከርካሪውን በጠባብ ቦታ ማቆምና ዳገት ላይ ቆሞ መነሳት ነው። ከእነዚህ ሁሉ ከመተማና ከገላባት ለሚመጣ ሰው እንግዳ የሚሆንበት የመጨረሻው ነው። ቆላው ከባሕር ወለል በላይ 1000 ሜትር የማይሞላ ዝርግ ሜዳ ሲሆን፣ ማሠልጠኛ ተቋማት ያሉባት ጎንደር ግን ከ2000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በኮረብታ የተሠራች ከተማ ናት፤ ስለዚህ ሠልጣኙ ለዓመታት ነድቶ ሊሆን ይችላል፣ ዳገት ላይ ግን አንድም ቀን ቆሞ አልተነሳም። ከአዘዞ በአይከል አድርጎ ወደ ገንዳ ውሃ የሚወርደውን መንገድ በሹፌርነት ሊመላለስበት የሚያስብ ሰው ይህን ሳይችል ፈቃድ ቢሰጠው ኖሮ የመጀመሪያው ጭነት ተከትሎት የሚመጣውን መኪና አደጋ ላይ በጣለ ነበር።

አሠራሩ በዝርዝር ሲታይ እንደሚከተለው ነው። መኪናው ዳገቱ ላይ በእጅ ፍሬን ተይዞ ቆሟል፤ ተፈታኙ ፍሪሲዮኑን እስከ ወለሉ ረግጦ አንደኛ ማርሽ ያስገባል፣ ስፖኪዮ ይመለከታል፣ ፍሬቻ ያሳያል። ከዚያ በቀኝ እግሩ ለሞተሩ ትንሽ ነዳጅ ሰጥቶ ድምፁ ከፍ እንዳለ ሲይዘው፣ ፍሪሲዮኑን በዝግታ ወደ ላይ ይለቃል። በአንድ ቦታ ላይ የሞተሩ ድምፅ ወረድ ይላል፣ መሪው በእጁ ላይ ይንቀጠቀጣል፣ የመኪናውም አፍንጫ በመጠኑ ቀና ይላል፤ ሹፌሮች «ግማሽ ፍሪሲዮን» የሚሉት ይህ ቦታ ሲሆን፣ የሞተሩ ጉልበት መኪናውን ወደ ታች ከሚስበው ክብደት ጋር እኩል የሆነበት ነጥብ ነው። እዚህ ላይ ግራ እግር እንደ ድንጋይ ጸጥ ብሎ ይቆያል። የእጅ ፍሬኑ የሚለቀቀው ከዚህ በኋላ ብቻ ነው፤ መኪናው ወደ ኋላም ወደ ፊትም ሳይል ባለበት ከቆመ ነጥቡ ተገኝቷል ማለት ነው፣ ነዳጅ ጨመር ተደርጎ ፍሪሲዮኑ ቀስ እያለ እስከ መጨረሻው ይለቀቃል። የእጅ ፍሬኑን ሲለቅ መኪናው ወደ ኋላ ከተንሸራተተ ፍሪሲዮኑ ገና አልያዘም፤ ሞተሩ ተንቀጥቅጦ ከጠፋ ከልክ በላይ ተለቋል ወይም ነዳጁ አንሷል። በጭንቀት የሚሠራው ስሕተት ከሁሉ የከፋው ነው፤ መኪናው መንሸራተት ሲጀምር ተፈታኙ ነዳጁን አብዝቶ ፍሪሲዮኑን በድንገት ይለቃል፣ መኪናውም ይፈናጠራል። መንሸራተት ሲጀምር ትክክለኛው መልስ ፍሬን ረግጦ ማቆምና እንደገና መጀመር ነው።

ወደ ኋላ እየሄዱ ማቆም ደግሞ የትዕግሥት ፈተና ነው። የሚታጠፉት የፊት ጎማዎች ብቻ በመሆናቸው መኪናው ወደ ኋላ ሲታጠፍ የኋላው ክፍል በጠባብ ክብ፣ የፊቱ ደግሞ በሰፊው ክብ ይጓዛል፤ ተፈታኙ ዓይኑን ከኋላ ምሰሶ ላይ ተክሎ ሲቀር የፊቱ ማዕዘን ሳያየው የጎን ምሰሶ ይመታል። መፍትሔው በግማሽ ፍሪሲዮን እንደ ኤሊ በመሄድ ለመሪው የመዞሪያ ጊዜ መስጠትና ዓይንን ከኋላ ወደ ፊት ጥግ፣ ከዚያም ወደ ሁለቱ ስፖኪዮዎች ማመላለስ ነው። ምሰሶ ከመንካት በፊት አቁሞ ማስተካከል ነጥብ ሊያስቀንስ ቢችልም ፈተናውን አያሳጣም፤ በልበ ሙሉነት ፈጥኖ የሚወጣ ሰው ግን በአንድ ምሰሶ ይወድቃል። ፈታኙ የሚፈልገው ሹፌሩ የመኪናውን አራቱን ጥጎች ማወቁን እንጂ ጀግንነቱን አይደለም።

ከፊጉራው በኋላ በከተማ መንገድ ላይ የሚደረገው ክፍል አጭር ቢመስልም ብዙ ነጥብ ይበላል። እዚህ የሚመዘነው ማርሽን ከፍጥነት ጋር ማጣጣም፣ በእግረኛ ማቋረጫ ላይ መቆም፣ ወደ አደባባይ ሲገቡ በውስጡ ላሉትና ከግራ ለሚመጡት ቅድሚያ መስጠት፣ ረድፍ ሲቀይሩ ፍሬቻ ማሳየት ሲሆን፣ በገጠር መንገድ ላይ ብቻ የነዳ ሰው ዓይኑ ከብትና ሕፃናትን በመጠበቅ የሠለጠነ በመሆኑ የእግረኛውን ነገር በደንብ ይወጣዋል፤ የአደባባዩ ግን ያስጨንቀዋል። የተግባር ፈተና መውደቅ መጨረሻ አይደለም፤ ተፈታኙ የጎደለውን ተለማምዶ ዳግመኛ ይቀርባል፤ ሆኖም ለሁለተኛው ፈተና የሚመጣው ያንኑ ስሕተት ይዞ እንዳይሆን ፈታኙን «የጣለኝ ምንድን ነው» ብሎ መጠየቅ መብቱም ጥቅሙም ነው። ያለፈ ሰው ክፍያውን ፈጽሞ፣ ፎቶግራፍ ተነስቶና ፋይሉ ተከፍቶ ፈቃዱን ይወስዳል። ይህ ፋይል ከካርዱ በላይ ዋጋ እንዳለው መታወቅ አለበት፤ በገንዘብ የተገዛ ካርድ መልኩ ከእውነተኛው ባይለይ እንኳ ወደ ሰጪው መሥሪያ ቤት ሲጠየቅበት ከጀርባው ፋይል የለውም፤ ሐሰተኛ መንጃ ፈቃድ የሚጋለጠውም በዚሁ ነው።

ይህ ሁሉ ከድልድዩ ወዲህ ያለው ነው። ከድልድዩ ማዶ መንጃ ፈቃድ የሚሰጠው የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ሳይሆን የትራፊክ ፖሊስ ሲሆን፣ ሁለቱ አገሮች በአንድ ጉዳይ ላይ ለተወሰኑ ዓመታት ፍጹም ተቃራኒ የነበሩበት ጊዜ መኖሩም የሚረሳ አይደለም። ኢትዮጵያ በመንገዱ ግራ ከመንዳት ወደ ቀኝ የተሸጋገረችው ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ነበር፤ ሱዳን ግን የእንግሊዝን ሥርዓት ተከትላ በግራ መንዳቷን እስከ ሐምሌ 30 ቀን 1965 ዓ.ም. ድረስ ቀጠለች። ስለዚህ በእነዚያ ዘጠኝ ዓመታት ውስጥ በመተማና በገላባት መካከል የሚያልፍ ሹፌር ጠረፉን በተሻገረ ቁጥር የመንገዱን ወገን መቀየር ነበረበት፤ ዛሬ ሁለቱም በቀኝ ስለሚነዱ በአንዱ አገር የተማረ እጅ በሌላው አይሳሳትም።

ወረቀቱ ግን እንደ እጁ በቀላሉ አይሻገርም። በሱዳን ፈቃድ ያወጣ ሰው ወደ ኢትዮጵያ ተመልሶ ያንኑ ለማስቀየር ቢፈልግ፣ ሰነዱ በሰጪው አገር ኤምባሲ ትክክለኛነቱ ተረጋግጦ፣ ከዚያም በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ታይቶ ለትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ መቅረብ አለበት። ጦርነቱ ከተነሳ በኋላ የሱዳን መንግሥት መሥሪያ ቤቶች ከካርቱም ወደ ፖርት ሱዳን ተዛውረው ስለነበር የቀድሞ መዝገብ ፈልጎ ማረጋገጥ ከበፊቱ የበለጠ ጊዜ ሊወስድ እንደሚችል ይገመታል፤ ስለዚህ ከገዳሪፍ የተመለሰ ወጣት ካርዱ የአውቶሞቢል ብቻ ከሆነና ማስረጃ ለማሰባሰብ ወራት የሚፈጅበት ከሆነ፣ ከጅምሩ በጎንደር ተመዝግቦ ሠልጥኖ መፈተኑ በጊዜም በወጪም የተሻለ ሊሆን ይችላል። በተቃራኒው ለዓመታት በከባድ ጭነት ላይ ሠርቶ ከፍ ያለ ዘርፍ የያዘ ሰው እንደ አዲስ ከታች ቢጀምር ልምዱ ሳይቆጠርለት ስለሚቀር፣ ማረጋገጫውን ቢዘገይም መጠበቁ ይበጀዋል። በኢትዮጵያ ፈቃድ ይዞ ወደ ገላባት የሚሻገር ሰው ደግሞ መንጃ ፈቃዱ ብቻውን አያሻግረውም፤ በኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት የሚገባው የሦስተኛ ወገን መድን በማዶው የሚደርስ ጉዳትን ስለማይሸፍን፣ ሁለቱም አገሮች የሚጠቀሙበትን የኮሜሳ ቢጫ ካርድ ከኢንሹራንስ ኩባንያው አስቀድሞ ማውጣት ይጠበቅበታል።